የሙሉ ደም ቆጠራ ውጤት ከነማብራሪያው

ታካሚ፦ ወይዘሮ ትዕግሥት፣ ዕድሜ 34፣ ጾታ ሴት
ናሙና የተወሰደበት፦ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20፣ አዲስ አበባ
የናሙና ዓይነት፦ ከክንድ ደም ሥር የተቀዳ ደም፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ

| መስመር | ውጤት | ምልክት | መደበኛ ወሰን | መለኪያ |
|---|---|---|---|---|
| WBC | 4.20 | | 4.00–10.00 | 10³/µL |
| NEU% | 41.0 | L | 50.0–70.0 | % |
| LYM% | 44.0 | H | 20.0–40.0 | % |
| MON% | 8.0 | | 3.0–12.0 | % |
| EOS% | 6.0 | H | 0.5–5.0 | % |
| BAS% | 1.0 | | 0.0–1.0 | % |
| NEU# | 1.72 | L | 2.00–7.00 | 10³/µL |
| LYM# | 1.85 | | 0.80–4.00 | 10³/µL |
| MON# | 0.34 | | 0.12–1.20 | 10³/µL |
| EOS# | 0.25 | | 0.02–0.50 | 10³/µL |
| BAS# | 0.04 | | 0.00–0.10 | 10³/µL |
| RBC | 4.10 | | 3.80–5.20 | 10⁶/µL |
| HGB | 9.4 | L | 12.0–16.0 | g/dL |
| HCT | 30.3 | L | 37.0–47.0 | % |
| MCV | 73.9 | L | 80.0–100.0 | fL |
| MCH | 22.9 | L | 27.0–34.0 | pg |
| MCHC | 31.0 | L | 32.0–36.0 | g/dL |
| RDW-CV | 18.2 | H | 11.0–16.0 | % |
| PLT | 452 | H | 150–400 | 10³/µL |
| MPV | 9.1 | | 7.0–11.0 | fL |

የላቦራቶሪው አስተያየት፦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀይ ሴሎቹ ትናንሽና መሃላቸው የደበዘዘ ነው፤ መጠናቸውም የተለያየ ነው። ነጭ ሴሎቹ በቅርጻቸው ጤናማ ናቸው። የወባ ጥገኛ ተሕዋስያን አልታዩም።

---

ወይዘሮ ትዕግሥት፣

ትናንት ውጤቱን ስነግርዎ «ደም ማነስ ነው ተብዬ ብቻ መሄድ አልፈልግም፤ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚል ልወቅ» አሉኝ። ደሙ የእርስዎ ስለሆነ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ወረፋው ስላላፈናፈነን ትናንት ያላልኩትን እዚህ በጽሑፍ አስቀምጬልዎታለሁ። ወረቀቱን ከጎንዎ አድርገው ያንብቡት።

በመጀመሪያ ስለ «መደበኛ ወሰን»። ወሰኑ የሚወጣው የብዙ ጤናማ ሰዎችን ደም በመመርመር ነው። ከመቶ ጤነኞች የ95ቱን ውጤት የሚይዘው መካከለኛው ክፍል ወሰን ተብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ ከመቶው አምስቱ ምንም ሳይታመሙ ከወሰኑ ውጭ ይወድቃሉ። የእርስዎ ወረቀት ሃያ መስመር አለው፤ ይህን ያህል መስመር ባለው ወረቀት ላይ ፍጹም ጤነኛ ሰውም አንድ ሁለት ምልክት ቢያገኝ የተለመደ ነው። L ከወሰኑ በታች፣ H ደግሞ ከወሰኑ በላይ ማለት ነው። ምልክቱን የሚያትመው ማሽኑ ስለሆነ የበሽታ ስም አድርገው አይውሰዱት። የእርስዎን ዕድሜ፣ የወር አበባዎን ሁኔታና የድሮ ውጤትዎን ማሽኑ አያውቅም።

እርስዎ ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ምልክቶች አሉ። ሰባቱ ተያይዘው አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ትኩረታችንን የሚሹትም እነሱ ናቸው። የቀሩት አራቱ ደግሞ ሊያስጨንቁዎ አይገባም።

ከHGB እንጀምር። ይህ ሄሞግሎቢን ነው፤ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ፣ ብረት የያዘና ከሳንባ ኦክስጅን ተቀብሎ ለመላ ሰውነት የሚያደርስ ፕሮቲን። የእርስዎ በአንድ ዴሲሊትር ደም 9.4 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች የሆነውን ደም ማነስ ይለዋል፤ ከ8 እስከ 10.9 ያለውን መካከለኛ፣ ከ8 በታች ያለውን ደግሞ ከባድ ብሎ ይመድበዋል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ አየሩ ስስ በመሆኑ የነዋሪዎቿ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል። ድርጅቱም በከፍታ ለሚኖሩ ሰዎች መለያው ከፍ እንዲል ይመክራል፤ በእኛ ከፍታ ጭማሪው አንድ ግራም ገደማ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጉድለት ወረቀቱ ከሚያሳየው ትንሽ ይበልጣል። ደረጃ ሲወጡ ልብዎ የሚመታውና ከሰዓት በኋላ የሚደክምዎት ያለ ምክንያት አይደለም።

HCT ከጠቅላላው ደም ውስጥ ቀይ ሴሎች የያዙት ድርሻ ነው። ከሄሞግሎቢን ጋር አብሮ ስለሚወርድ አዲስ ነገር አይጨምርልንም።

RBC የቀይ ሴሎች ብዛት ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ውስጥ 4.1 ሚሊዮን አለዎት፤ ይህ በወሰኑ ውስጥ ነው። ሄሞግሎቢን ጎድሎ የሴሎቹ ቁጥር አለመጉደሉ እንቆቅልሽ ሊመስልዎት ይችላል። መልሱ የሚገኘው በሚቀጥሉት መስመሮች ላይ ነው።

MCV የአንድ ቀይ ሴል አማካይ መጠን ነው። እርስዎም ሊያሰሉት ይችላሉ፦ HCT ለRBC ተካፍሎ በ10 ሲባዛ፣ ማለትም 30.3 ÷ 4.10 × 10 = 73.9። ዝቅተኛው ወሰን 80 ስለሆነ ሴሎችዎ ትናንሽ ናቸው። MCH በአንዱ ሴል ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን ክብደት ነው፤ 9.4 ÷ 4.10 × 10 = 22.9፣ ይህም ዝቅ ያለ ነው። MCHC ሄሞግሎቢኑ በሴሉ ውስጥ ምን ያህል እንደተከማቸ ይለካል፤ እሱም ትንሽ ወርዷል። በማይክሮስኮፕ ያየው ባለሙያ «መሃላቸው የደበዘዘ» ያለው ይህንኑ ነው። በአጭሩ፣ መቅኔዎ ሴል መሥራቱን አላቆመም፤ የሚሞላበት ብረት ግን አጥሮታል።

RDW የሴሎቹ መጠን ምን ያህል እንደሚለያይ ይነግረናል። ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ብረት በበቃ ጊዜ የተሠሩት ትልልቆችና ሰሞኑን የተሠሩት ትናንሾች አሁን በአንድነት እየዞሩ ስለሆነ ቁጥሩ ወደ 18.2 ወጣ። ይህ ጉድለቱ አብሮዎት የተወለደ ሳይሆን ኋላ የመጣ መሆኑን ይጠቁማል።

PLT ፕላትሌት ነው፤ ደም ሲፈስ እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን ክፍሎች። 452 ሺህ ከወሰኑ ትንሽ ይበልጣል። ብረት ሲጎድል ፕላትሌት መጠነኛ ጭማሪ ማሳየቱ የታወቀ ነው፤ ብረቱ ሲተካ ይወርዳል ብዬ እጠብቃለሁ። MPV የፕላትሌቶቹ መጠን ነው፤ ደህና ነው።

ሰባቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የብረት እጥረት ደም ማነስ ይሉኛል። የወር አበባዎ ስምንት ቀን እንደሚቆይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሁለት ሰዓቱ እንደሚቀይሩ፣ ከሁለተኛው ልጅዎ ወዲህ ደግሞ የአፈር ሽታ እንደሚያምርዎት ነግረውኛል። በአፍረት ዝቅ ባለ ድምፅ የነገሩኝ ይህ የአፈር አምሮት ብረት ሲጎድል ደጋግሞ የሚታይ ምልክት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየውን የፌሪቲን ምርመራ፣ እንዲሁም መንጠቆ ትልና የተደበቀ ደም ካለ ለማየት የሰገራ ምርመራ ያዘዝኩት መነሻውን ለማረጋገጥ ነው። የማህፀን ሐኪምም እንዲያይዎት የላክሁዎ ለዚሁ ነው፤ ደም የሚፈስበት ምክንያት ካልተገኘ ኪኒኑ ብቻውን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም።

አሁን ወደ ነጭ ሴሎች። WBC ጠቅላላ ብዛታቸው ነው፤ 4,200፣ በወሰኑ ውስጥ። ከታቹ ያሉት አሥር መስመሮች አምስት ዓይነት ነጭ ሴሎችን ሁለት ጊዜ ይዘረዝራሉ፤ አንዴ በመቶኛ፣ አንዴ በቁጥር። ሁልጊዜ ቁጥሩን ያስቀድሙ። መቶኛዎቹ ተደምረው መቶ መሙላት ስላለባቸው አንዱ ሲወርድ ሌላው ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል። የእርስዎ ሊምፎሳይት 44 በመቶ ሆኖ H ቢባልም ቁጥሩ 1.85 ነው፤ ምንም አልሆነም። ኢኦሲኖፊልም እንደዚሁ፤ 6 በመቶ ቢሆንም ቁጥሩ 0.25 ስለሆነ መደበኛ ነው። ይህ ሴል በአለርጂና በአንጀት ትል ጊዜ ይጨምራል፤ የሰገራ ምርመራው ግን ለማንኛውም ታዟል። ሞኖሳይትና ቤዞፊል ደህና ናቸው።

ኒውትሮፊል ባክቴሪያን የሚዋጋው ዋና ሴል ነው። የእርስዎ 1.72 ሲሆን ወሰኑ ከ2.00 ይጀምራል። ይህን L አይተው ኢንተርኔት ላይ ፈልገው እንዳልተኙ ነግረውኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስረዳዎት። ማሽኑ ላይ ያለው ወሰን የእኛን ሕዝብ በመመርመር የወጣ አይደለም። የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ዝርያ ያላቸው በርካታ ጤነኛ ሰዎች በተፈጥሯቸው ዝቅ ያለ የኒውትሮፊል ቁጥር አላቸው፤ እስራኤል ውስጥ በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ይኸው ተመዝግቧል። ከቀይ ሴል ገጽ ላይ ዳፊ የሚባል ምልክት አለመኖሩ ከዚህ ጋር ይያያዛል። እነዚህ ሰዎች ከሌላው በበለጠ ኢንፌክሽን አይይዛቸውም። ያመጡልኝ የሁለት ዓመት በፊት ወረቀትም 1.80 ይላል፤ በመሃል ደግሞ ከጉንፋን ያለፈ ሕመም አልነበረብዎትም። ለኢንፌክሽን መጋለጥ አሳሳቢ የሚሆነው ቁጥሩ ከ1.00 በታች ሲወርድ፣ በተለይ ከ0.50 በታች ሲሆን ነው። ይህ የእርስዎ መደበኛ ቁጥር ይመስለኛል። የዛሬውን ወረቀት ግን አይጣሉት፤ ወደፊት ሌላ ሐኪም ሲያይዎት ያሳዩት፤ ከአላስፈላጊ ምርመራ ያድንዎታል።

ስለ ሕክምናው፦ ያዘዝኩልዎ የብረት ኪኒን በቀን አንድ ነው። ባዶ ሆድ በውኃ ቢወስዱት ይሻላል፤ ሆድዎን ካወከዎት በየሁለት ቀኑ መውሰድ ይችላሉ። ከቡና፣ ከሻይ፣ ከወተትና ከጨጓራ ማስታገሻ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያርቁት። ሰገራዎ ቢጠቁር ከኪኒኑ ነው። ጎረቤት ቀይ ስር አብዝተው እንዲበሉ መክረዎታል፤ ቢበሉት አይጎዳም፤ ቅላቱ ግን ብረት አይደለም፣ ይህን ጉድለት አይሞላም። ጤፍም በብረት የታወቀ ቢሆንም የሚለካው ብረት ከፊሉ በውቂያ ጊዜ ከሚነካው አፈር የመጣ ነው። ሥጋና ጉበት በተሻለ ሁኔታ ብረት ይሰጣሉ። በጾም ወቅት ምስርና ሽሮውን ከቲማቲም ወይም ከሎሚ ጋር ይብሉ፤ ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጡትን ቡና ደግሞ ያዘግዩት።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢን ብቻ እንለካለን፤ ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ጨምሮ ማየት እፈልጋለሁ። ካልጨመረ ኪኒኑ ስለመወሰዱ፣ ስለ ሆድ መቀበሉና ስለ ደም መፍሰሱ እንነጋገራለን። ቁጥሩ መደበኛ ሲሆን መድኃኒቱን አያቁሙ፤ ክምችቱ እንዲሞላ ሦስት ወር ገደማ ይቀጥላል።

ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ካመመዎት፣ ራስዎን ከሳቱ፣ የወር አበባው በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያስቀይር ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተጣበቀና ከሸተተም እንዲሁ፤ ከኪኒን የሚመጣው ጥቁረት እንዲህ አይሸትም። እርግዝና ከጠረጠሩ ይደውሉልኝ፤ መጠኑን እንቀይራለን።

ቀጠሮዎ ኅዳር 13 ከጠዋቱ 2፡30 ነው። ይህንን ወረቀትና የድሮውን አብረው ይዘው ይምጡ፤ ያልገባዎትን መስመር በእርሳስ አክብበው ያምጡት።

ሐኪምዎ፣ የውስጥ ደዌ ክፍል
ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.