የሌሊት ፈረቃ እንዲቀነስ ለአሠሪ የተጻፈ የሐኪም ደብዳቤ

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፋብሪካው የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የመታወቂያ ቁጥር 0417 ለሆኑት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ የሌሊት ፈረቃ እንዲቀነስላቸው ስለመጠየቅ

ከላይ በመታወቂያ ቁጥራቸው የተጠቀሱት የ27 ዓመት ሠራተኛ የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በእኔ ክትትል ሥር ናቸው። ይህን የምጽፈው በጽሑፍ ፈቃዳቸውን ሰጥተውኝ ነው። የገለጽኩት ለሥራ ምደባ የሚያስፈልገውን ብቻ ስለሆነ፣ ከእናንተና ከፈረቃ ኃላፊያቸው እጅ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ።

ሠራተኛው ሥራቸውን ለመቀጠል የሚያግዳቸው ነገር የለም። ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ከመስከረም ወዲህ ሕመሙ 5 ጊዜ ጥሏቸዋል። ቤተሰባቸው የያዘውን ማስታወሻ ከፈረቃ ሰሌዳችሁ ጎን አስቀምጠን ስናየው፣ 4ቱ የደረሱት በሌሊት ፈረቃ ሳምንት ነው፤ ሁሉም ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ። የሌሊት ፈረቃ ባልነበረባቸው ሳምንታት የደረሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከምሽቱ 4 ሰዓት ወጥተው በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት በገቡበት ዕለት ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንቅልፍ ሲጎድል አንጎል ለዚህ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል፤ መድኃኒቱ በትክክል ቢወሰድም እንኳ። የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት የተኛ ሰው ቆርቆሮው መጋል ሲጀምር ላብ አጥምቆት ይነቃል፤ ታካሚዬ በቀን ከ3 እስከ 4 ሰዓት በላይ እንደማይተኙ ነግረውኛል። ከፊታችን ያሉት ግንቦትና ሰኔ ከዚህም የባሱ ናቸው። ሌላም አለ፦ መድኃኒታቸውን ጠዋትና ማታ 1 ሰዓት ላይ መውሰድ ሲገባቸው፣ ከሌሊት ሥራ ደክመው ሲገቡ የጠዋቱን ሳይወስዱ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ሌሊቱን ለመንቃት ጫት መቃምም እንቅልፉን ይበልጥ ስለሚያሳጣቸው፣ እንዲያቆሙ በእኔ በኩል መክሬአቸዋለሁ።

ስለዚህ ለሚቀጥሉት 3 ወራት፣ እስከ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ፈረቃ ጨርሶ እንዳይመደቡ እጠይቃለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልጣላቸው በወር ከ2 ሌሊት ያልበለጠ፣ ሁለቱም ተከታታይ ያልሆኑ፣ በማግስቱም ዕረፍት ያለው ምደባ መሞከር ይቻላል። ከጣላቸው ግን የሌሊቱ ክልከላ እኔ እንደገና እስካያቸው ይቀጥላል።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ሌሊቱ ቀርቶ የማታና የጠዋት ፈረቃ ቢገጣጠምባቸው የተገኘው ጥቅም ይጠፋል። ከምሽቱ 4 ወጥቶ ንጋት 12 የሚገባ ሰው በመሐል 8 ሰዓት ቢኖረውም፣ መንገዱና እራቱ ሲቀነስ የሚተኛው 5 ሰዓት ያህል ነው። በሁለት ፈረቃዎች መካከል ቢያንስ 12 ሰዓት ይኑር። የሚመቸው አንድ ቋሚ ፈረቃ ነው፤ ሳምንት በሳምንት መቀያየሩ ራሱ እንቅልፍ ያዛባል። የቀረ ሠራተኛ ለመሸፈን ድርብ ፈረቃ እንዳይሰጣቸውም እጠይቃለሁ።

የማሸጊያ ማሽኑን በተመለከተ፣ ፕላስቲኩን በሙቀት የሚዘጋው መንጋጋ መከላከያው ተገጥሞ ከሆነ እዚያው መሥራት ይችላሉ። መከላከያው በተነሳበት ጊዜ ግን አያጽዱት፣ አይጠግኑት። መሰላል ላይ መውጣትና ፎርክሊፍት መንዳትም ለጊዜው ይቅር። ብቻቸውን እንዳይሠሩ ተመልከቱልኝ።

ሕመሙ ሥራ ላይ ከጣላቸው ማሽኑን ማጥፋት፣ ከጭንቅላታቸው ሥር ልብስ ማድረግ፣ ሰዓት መያዝ፣ መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎናቸው ማስተኛት ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም፤ አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተት ጥርስ ይሰብራል፤ እጅና እግር ጨምድዶ መያዝም ይጎዳል። ሕመሙ በአረፋም ሆነ በመንካት ስለማይተላለፍ ማንም ሰው ሊረዳቸው ይችላል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቁ ከደገማቸው ወይም ጉዳት ካገኛቸው ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይወሰዱ። በራሱ ካቆመ ግን አንድ የሚያምኑት ባልደረባ አጠገባቸው ተቀምጦ ሙሉ በሙሉ እስኪነቁ ይጠብቃቸው፤ የዚያን ዕለት ወደ ማሽን አይመለሱ።

የሌሊት ፈረቃው ሲቀር አበላቸው እንደሚቀንስ ያውቃሉ፤ ሆኖም መሠረታዊ ደመወዛቸውና የሥራ መደባቸው እንዳይነካ አሳስባለሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ስለሚጥል፣ ይህም የዚያ አካል ነው።

ምደባው ከመቼ ጀምሮ እንደሚለወጥ በሠራተኛው በኩል በጽሑፍ ብታሳውቁኝ የመድኃኒት ሰዓታቸውን ከአዲሱ ፈረቃ ጋር አስተካክላለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሠራተኛው ተከታታይ ሐኪም፣ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስት
(ፊርማና ማኅተም)

ግልባጭ፦ ለሠራተኛው