የ2017 በጀት ዓመት የጠቅላላ ጥቅማ ጥቅም መግለጫ

ውድ ባልደረባችን፣

በየወሩ የሚደርስዎት የደመወዝ ወረቀት 42,000 ብር ይላል። በዓመት 504,000 ብር ነው። ከዚያ በላይ ለእርስዎ የከፈልነውን ግን አያሳይም። ይህ ወረቀት እሱን ያሳያል።

ለጡረታዎ እኛ የምናስገባው 11 በመቶ በዓመት 55,440 ብር ሆኗል። ከደመወዝዎ የሚቆረጠው 7 በመቶ የራስዎ ገንዘብ ስለሆነ እዚህ አልደመርነውም። የትራንስፖርት አበል 26,400 ብር ነው።

ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለሁለቱ ልጆችዎ የጤና መድን 38,000 ብር አረቦን ከፍለናል። ጥር ላይ ትንሹ ልጅዎ የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ሆስፒታሉ የጠየቀውን 27,500 ብር መድኑ ሸፍኗል። ያንን አልደመርንም፤ አረቦኑ ተቆጥሯል። የሕይወትና የአደጋ መድን 4,500 ብር ነው።

ለዳታቤዝ ሥልጠናዎና ለፈተናው 46,000 ብር ወጥቷል። ሰርተፍኬቱ የእርስዎ ነው፤ ነገ ሌላ ቦታ ቢሠሩም ይዘውት ይሄዳሉ።

አክሲዮን ላይ ግልጽ እንሁን። ከተመደቡልዎት 1,200 አክሲዮኖች ዘንድሮ 300ዎቹ በስምዎ ተመዝግበዋል። የአንዱ የተጻፈ ዋጋ 100 ብር ነውና 30,000 ብር ብለን ይዘናል። ቀሪዎቹ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ይመዘገባሉ፤ ከዚያ በፊት ከለቀቁ ያልተመዘገበው ይቀራል። ዛሬ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚቀየር ስላልሆነ ለቤት ኪራይ አይቁጠሩት።

የ17 ቀን ዓመት ፈቃድዎ ክፍያ ደመወዝዎ ውስጥ አለ።

ጠቅላላ ድምር፦ 704,340 ብር። ከደመወዝዎ በላይ፦ 200,340 ብር።

ያልገባዎት ወይም የተሳሳተ ቁጥር ካለ እስከ ሐምሌ 30 ወደ ሰው ሀብት ክፍል ብቅ ይበሉ። ደረሰኞቹን አብረን እናያለን።

የሰው ሀብት ክፍል