ከኮርኒሱ በላይ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ወንድሜ፣ ኔትወርኩ ደግሞ ሄደ» አለች የድንገተኛ ክፍሏ ሲስተር። ስደርስ ተመልሷል። ሦስተኛ ሌሊቱ ነው፤ እኔን ሲያይ ይድናል።

ስዊቹን ቀይሬያለሁ። ፖርቱንም። ዛሬ ግን ላፕቶፔን ከፍቼ፣ መስመሩ ሲቋረጥ እንዲያሳየኝ ፒንግ አስጀምሬ ቁጭ አልኩ።

```
ping -t 192.168.10.1
```

ሃያ ደቂቃ ሰላም። ከዚያ አየር ማቀዝቀዣው እየተንቀጠቀጠ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ `Request timed out.` ተደረደረ።

«ሲስተር፣ ይሄ ነገር ሁሌ እንዲህ ይንቀጠቀጣል?»

«ከተጠገነ ወዲህ ነው። የአዳማ ሙቀት ባይኖር አጠፋው ነበር።»

ጥበቃው ጋሼ መሰላሉን ያዙልኝ። የኮርኒሱን ሰሌዳ ገፋ አድርጌ በስልኬ መብራት አየሁ። አቧራ፣ የሲጋራ ቁራጭ (አዎ፣ ሆስፒታል ውስጥ)፣ ከማቀዝቀዣው ቱቦ ጋር የታሰረ ሰማያዊ ኬብል። መገጣጠሚያው ላይ የፕላስቲክ ምላሱ ተሰብሯል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ወለቅ አለ።

«ሄደ!» አለች ሲስተር ከታች።

መልሼ ገፋሁት።

«መጣ!»

ኬብሉን ከቱቦው ፈታሁ፣ ጫፉን ቆርጬ አዲስ ራስ ገጠምኩለት። ማቀዝቀዣው እንደገና ተነሳ። ፒንጉ አልተቋረጠም።

«ልጄ፣ አሁን ልልቀቀው?» አሉ ጋሼ። ለካ መሰላሉን እስካሁን እንደያዙ ነው።