ዳኛ ሕግ ይፈጥራል ወይስ ያለውን ይገልጣል? የሁለተኛ ዓመት ናሙና የኢሴይ ፕላን

ጥያቄው፦ «ዳኛ ሕግ አይፈጥርም፣ ያለውን ይገልጣል እንጂ።» ይህ አባባል በእንግሊዝ ኮመን ሎው ዛሬ ምን ያህል ያስኬዳል? በውሳኔዎች አስደግፋችሁ መርምሩ። (50 ደቂቃ)

ከ50ው ውስጥ 8 ደቂቃ ለፕላን ስጡ። ፈተና ላይ የምትጽፉት ፕላን ከዚህ በጣም ያጠረ ነው የሚሆነው፣ እዚህ የረዘመው እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደገባ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አንድ የቃል ነገር መጀመሪያ። «ያውጃል» አትበሉ። በአማርኛ አዋጅ የሚያወጣው ሕግ አውጪው ነው፣ ስለዚህ «ዳኛ ሕግ ያውጃል» ስትሉ ልታስተባብሉት የፈለጋችሁትን ነገር ራሱን እያላችሁ ነው። «ይገልጣል» ይሻላል።

አቋም

ብዙ ተማሪ «ሁለቱም በተወሰነ መልኩ ልክ ናቸው» ብሎ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ ያ ደግሞ አቋም ሳይሆን ሽሽት ነው። የኛ አቋም እንዲህ ነው፦ ዳኞች ሕግ ይፈጥራሉ፣ የመግለጥ ቲዮሪው ዳኛ ምን እንደሚሠራ በመናገር ረገድ ወድቋል፣ ግን እስካሁን በሕይወት ያለው አንድ ሥራ ስላለው ነው፤ ዛሬ የተፈጠረ ሕግ ትናንት በተደረገ ነገር ላይ ሲሠራ ነገሩን ፍትሃዊ የሚያስመስለው እሱ ነው። ስለዚህ የኢሴዩ ክር ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ፓራግራፍ ላይ «ሕጉ መቼ ነው ሕግ የሆነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

መግቢያ (4 ዓረፍተ ነገር)

ቲዮሪውን በአንድ መስመር፣ አቋሙን በሁለት፣ በየትኞቹ ኬዞች እንደምትሄዱ በአንድ። «ከጥንት ጀምሮ የሕግ ሊቃውንት ሲከራከሩበት የኖሩበት...» ብሎ የሚጀምር መግቢያ ማርክ አያመጣም፣ በየዓመቱ እናየዋለን በየዓመቱ እንሰርዘዋለን።

1. ቲዮሪው ራሱ (አጭር)

ዳኛው ሄል በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ራሱ ሕግ ሳይሆን የሕግ ማስረጃ ነው አለ። ብላክስቶን በ18ኛው ጨመረበት፦ ዳኛ የቀደመውን ውሳኔ ሲሽር አሮጌው መጥፎ ሕግ ነበር ማለቱ ሳይሆን ድሮም ሕግ አልነበረም ማለቱ ነው። ቲዮሪው ምን ይጠቅም እንደነበርም አንድ መስመር ጻፉ፤ ያልተመረጠ ዳኛ ሕግ አውጪ እንዳይባል ይከላከላል። በዚህ ፓራግራፍ ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ አትቆዩ።

2. ጥቃቱ

ቤንታም፦ ይሄ ለውሻ የሚወጣ ሕግ ነው፣ ውሻው እስኪያጠፋ ትጠብቅና ከዚያ ትመታዋለህ፣ መከልከሉን የሚያውቀው ሲመታ ነው። ነጥቡ ቀልድ አይደለም፣ ስለ ጊዜ የሚያወራው ክርክር እዚህ ነው የሚጀምረው። ኦስቲን ቲዮሪውን የልጅ ልብ ወለድ ብሎ ጠራው፣ ሎርድ ሪድ ደግሞ በ1972 ከዳኞቹ ወገን ሆኖ ተረት ነው፣ ከእንግዲህ አናምንበትም አለ። ዳኛው ራሱ ተረት መሆኑን መቀበሉን ማስመር ያስፈልጋል።

3. ዶነህዩ እና ስቲቨንሰን፣ 1932

ሁሉም ሰው መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ተገኘች የተባለችውን ቀንድ አውጣ ይተርካል፣ አትተርኩት። (ቀንድ አውጣዋ ጠርሙሱ ውስጥ ስለመኖሯ እኮ ማስረጃ አልተሰማም፣ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት የወሰነው አምራች ለጠጪው መጠንቀቅ አለበት ወይ በሚለው የሕግ ነጥብ ላይ ብቻ ነው።) የምንፈልገው ድምፁን ነው፦ 3 ለ 2። አብላጫውም አናሳውም ያሉትን የድሮ ኬዞች ነው ያነበቡት፣ ሁለቱም ሕጉን አገኘሁት ነው የሚሉት። ሕጉ እዚያ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር ቢሆን አምስት ምርጥ ዳኞች እንዴት በሁለት አቅጣጫ ያገኙታል? ሎርድ አትኪን «ጎረቤትህ ማነው» የሚለውን ጥያቄ ወደ ሕግ ሲያመጣው ከተበታተኑ ኬዞች አንድ መርህ ሠራ፣ ያንን ፈጠራ ብሎ መጥራት ቀላል ነው፣ ግን ከምንም ተነስቶ አለመሆኑንም ጻፉ።

4. አር እና አር፣ 1991

ባል ሚስቱን አስገድዶ ከደፈረ ወንጀል አይደለም የሚለው ደንብ የቆመው በሄል ጽሑፍ ላይ ነበር። አዎ፣ ያው ሄል፣ ውሳኔ እንኳን ሕግ አይደለም ያለው። የሱ አንድ አረፍተ ነገር ከ250 ዓመት በላይ እንደ ሕግ ሲሠራ ኖረ። የጌቶች ምክር ቤት ደንቡን ሲጥለው ኮመን ሎው ከዘመኑ ጋር የሚሄድ ነው አለ፣ ግን ውጤቱ ወደኋላ ነበር፣ ተከሳሹ ድርጊቱን ሲፈጽም የነበረው መከላከያ ተወሰደበት። ጉዳዩ ስትራስቡርግ፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ በ1995 ወደኋላ መቅጣትን የሚከለክለው የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 7 አልተጣሰም ተባለ፣ ለውጡ ሊገመት የሚችል ነበር በሚል። ውጤቱን ማንም አይቃወምም፣ ለዚህም ነው ኬዙ አደገኛ የሚሆነው፣ ተማሪ በውጤቱ ተደስቶ የቤንታምን ውሻ ይረሳል።

5. ክላይንዎርት ቤንሰን እና ሊንከን ሲቲ ካውንስል፣ 1998 (ልቡ ይሄ ነው፣ 12 ደቂቃ)

ባንኮች ከአካባቢ መስተዳድሮች ጋር የወለድ ስዋፕ፣ ማለትም የወለድ ክፍያ የመለዋወጥ ውል ገቡ፣ ሁሉም ሰው ሕጋዊ ነው ብሎ ያምን ነበር። በኋላ በሄዝል ኬዝ መስተዳድሮቹ ሥልጣን የላቸውም ተባለ። ባንኩ በስህተት ነው የከፈልኩት፣ ገንዘቤ ይመለስ አለ። ስህተት መባሉ ለምን ያስፈልገዋል? አንዳንዱ ክፍያ ክስ ከመመሥረቱ ከ6 ዓመት በፊት የተከፈለ ስለሆነ በመደበኛው ይርጋ ጊዜው አልፎበታል፣ በ1980 የይርጋ ሕግ ደግሞ በስህተት ለተከፈለ ገንዘብ ጊዜው የሚቆጠረው ስህተቱ ከታወቀ ወይም ሊታወቅ ከሚገባበት ቀን ነው።

አሁን ቀስ ብላችሁ አስቡት። ባንኩ በከፈለበት ቀን ተሳስቶ ነበር ወይ? ዳኛ ሕግ ከፈጠረ፣ የዚያን ቀን አልተሳሳተም፣ ሕጉ ነው በኋላ የተቀየረው። ዳኛ የሚገልጥ ከሆነ ግን ሕጉ ድሮም ያ ነበር፣ ስለዚህ ተሳስቷል። ፍልስፍና የመሰለው ጥያቄ ብር ሆነ ማለት ነው። 3 ለ 2 ባንኩ አሸነፈ። ሎርድ ጎፍ ዳኞች ሕግን እንደሚያሳድጉ በግልጽ አምኖ፣ የተወሰነው ግን ወደኋላም ይሠራል አለ። ሎርድ ብራውን ዊልኪንሰን በተቃራኒው፣ ቲዮሪው ተረት ከሆነ በተረት ላይ ተመርኩዘን ባንኩ ያኔ ተሳስቶ ነበር ማለት አንችልም አለ። አቋማችሁን የምታጸድቁት እዚህ ነው፦ አብላጫው ቲዮሪውን በአንድ እጅ ጥሎ በሌላው እጅ ተጠቀመበት።

6. ድዎርኪን (ካላነሳችሁት ከፍ ያለ ማርክ የለም)

የሕግ ፈላስፋው ሃርት ደንቡ ሲያልቅ ዳኛው ምርጫ አለው ይላል፣ ድዎርኪን ደግሞ ደንቡ ሲያልቅ መርህ አለ፣ መርህም ሕግ ነው ይላል። ሪግስ እና ፓልመር፣ ኒው ዮርክ 1889፦ የልጅ ልጅ አያቱን ገድሎ በኑዛዜው ልውረስ አለ፣ ማንም ከጥፋቱ አይጠቀምም በሚለው መርህ ተከለከለ። የብላክስቶን ዘመናዊ ጠበቃ ይመስላል አይደል? መልሳችሁ ግን ዶነህዩ ላይ አለ፤ መርህ ቢኖርም የትኛው እንደሚያሸንፍ የመረጡት ሰዎች ናቸው።

7. ገደቡ

ሲ እና የዐቃቤ ሕግ ዳይሬክተር፣ 1995። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ጥፋቱን አያውቅም የሚለውን ግምት የበታቹ ፍርድ ቤት ሽሮት ነበር፣ የጌቶች ምክር ቤት መለሰው፣ ይሄ የፓርላማ ሥራ ነው ብሎ። ፓርላማ በ1998 ራሱ ሻረው። ዳኛ ሕግ ይፈጥራል ማለት እንዳሻው ይፈጥራል ማለት እንዳልሆነ በዚህ አሳዩ።

መደምደሚያ (3 ዓረፍተ ነገር)

የተባለውን አትድገሙ። ወደ ስፔክትረም ኬዝ፣ 2005 ሂዱ፦ ዳኛ ውሳኔዬ ከዛሬ ወዲህ ብቻ ይሠራል ማለት ይችላል ወይ ተብሎ ተጠየቀ፣ ለየት ባለ ጉዳይ በሩ አልተዘጋም ተባለ፣ ያን ቀን ግን አልተጠቀሙበትም። ያ በር አለ ማለት ዳኛ እንደሚፈጥር ማመን ነው፣ አለመግባታቸው ደግሞ ቲዮሪው አሁንም ሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል፣ በዚህ ዝጉት።

ጊዜ ካጠረ መጀመሪያ 7ን፣ ከዚያ 1ን ወደ ሁለት መስመር ቁረጡ። 5ን ግን በምንም አትንኩ።