ወርቅ ለምን ሰማይ ነካ? ነገስ ይህን ዋጋ ማን ያረጋግጥልናል?

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤቴ ባጃጁን ሸጦ ወርቅ ሊገዛ እንደሆነ ነገረኝ። «አቦ፣ ወርቅ እኮ አይወርድም! ባጃጅ ግን ያረጃል» አለኝ። ሰውየው ሞኝ አይደለም። ሁለት ልጆች ያስተምራል፣ ገንዘቡን በጥንቃቄ ይይዛል። ከመጋላ እስከ ሳቢያን በየሻይ ቤቱ የሚወራው ይኸው ስለሆነ እሱም አመነ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእሱና እንደ እሱ ለሚያስቡ ነው።

መጀመሪያ የሆነውን እንይ። በዓለም ገበያ ወርቅ የሚሸጠው በአውንስ ነው። አንድ አውንስ 31.1 ግራም ገደማ ይመዝናል። መጋቢት 2017 ላይ የአውንስ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ 3,000 ዶላር አለፈ። መስከረም 28 ቀን 2018 ደግሞ 4,000 ተሻገረ። ከ3,000 ወደ 4,000 ለመድረስ ሰባት ወር እንኳ አልሞላም። ጥቅምት 10 ቀን 4,380 ዶላር አካባቢ ደረሰ።

ምን ገፋው? አንዱ የወለድ ነገር ነው። ወርቅ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ወለድ አይወልድም። ስለዚህ ባንኮች ጥሩ ወለድ ሲከፍሉ ብዙ ባለሀብት ወርቁን ትቶ ገንዘቡን እዚያ ያስቀምጣል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ መስከረም ላይ ወለድ ቀነሰ፣ ገበያውም ገና ይቀንሳል ብሎ ጠበቀ። በዚያ ላይ ዶላር ራሱ ከጥር 2017 ወዲህ ተዳክሞ ነበር። የቀረጥ ጦርነቱ፣ የአሜሪካ ዕዳ፣ መስከረም 21 ቀን የአሜሪካ መንግሥት በጀት አጥቶ መሥሪያ ቤቶቹን መዝጋቱ ተደማመሩ። ባለ ገንዘብ ሲፈራ ወደ ወርቅ ይሸሻል።

ለእኔ ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ምዕራባውያን 300 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ሀብት አገዱ። ይህን ያዩ አገሮች ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «የእኔም ቢታገድስ?» በገዛ ካዝናህ ያለን ወርቅ ሌላ አገር ቁልፍ አዙሮ ሊያግድብህ አይችልም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች ሦስት ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ገዙ። የዓለም ማዕድን ማውጫዎች በዓመት የሚያወጡት 3,600 ቶን ገደማ ነው። ዋጋ ጨመረ ተብሎ በማግስቱ አዲስ ጉድጓድ አይከፈትም። ፈላጊ በዛ፣ አቅርቦቱ ግን በዚያው መጠን አልበዛም።

ሌላም አለ። ዋጋው ሲወጣ «እንዳያመልጠኝ» የሚል ሕዝብ ይከተላል። ይህ ገንዘብ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም ይወጣል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ ጋ ነው። እኛ ወርቅ የምንገዛው በብር ነው። ስለዚህ የምናየው ዋጋ የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፦ የዓለም ዋጋና የዶላር ምንዛሪ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ተኩል ገደማ ነበር። ወርቅ ደግሞ 2,400 ዶላር አካባቢ። ሲሰላ አንድ ግራም ንጹህ ወርቅ 4,400 ብር ገደማ ይመጣል። በጥቅምት 2018 ዶላሩን 145 ብር፣ ወርቁን 4,000 ዶላር ብንል ግራሙ 18,600 ብር አካባቢ ይመጣል። ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ወርቁ ራሱ በዶላር የጨመረው ግን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ያመጣው የብር መውደቅ ነው። እርግጥ ወርቅ ቤቶች ድሮም በባንክ ተመን ብቻ አይሠሩም ነበር፣ የጥቁር ገበያውን ያዩ ነበር። ስለዚህ በሱቁ የታየው ጭማሪ ከዚህ ያነሰ ነው። ያም ሆኖ ጎረቤቴ «ወርቅ አራት እጥፍ ሆነ» ሲል ግማሽ የሚበልጠው ወሬ ስለ ብር ነው። ብር እንዲህ ያለ ውድቀት ካልደገመ ያ ጭማሪም አይደገምም።

«አይወርድም» ለሚለው መልሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1980 ላይ ወርቅ 850 ዶላር ደረሰ። ያኔም ጋዜጦች ሪከርድ ብለው ጻፉ። በ1999 ግን 250 ዶላር አካባቢ ወርዶ ነበር። ያንን 850 መልሶ ለማየት እስከ 2008 መጠበቅ አስፈለገ። 28 ዓመት! የዶላር የመግዛት አቅም በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደቀነሰ ሲታሰብ ጉዳቱ ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ደግሞ 1,900 ዶላር አለፈ፣ በ2015 መጨረሻ 1,050 ገደማ ላይ ነበር። ከአናቱ ላይ የገዛ ሰው ገንዘቡን የመለሰው በ2020 ነው። እሱም በዶላር ተቆጥሮ።

ቅርቡንም አንርሳ። የያኔው ሪከርድ በተመዘገበ ማግስት፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018፣ ወርቅ በአንድ ቀን ከ5 በመቶ በላይ ወረደ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለዓመታት እንዲህ ወርዶ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያው ወር 4,000 አካባቢ ይዋዥቅ ነበር። ሪከርድ ማለት እስከ ዛሬ ከነበረው ሁሉ በላይ ከፍለህ ገዛህ ማለት ነው። ስለሚቀጥለው ዓመት የያዘው ቃል የለም።

ለአገርም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ከቡና በልጦ ወደ ውጭ ከምንልካቸው ሸቀጦች ትልቁ የውጭ ምንዛሪ ምንጫችን ሆኗል፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ዋጋው በሎንዶንና በኒው ዮርክ የሚወሰን ነው። ዛሬ በሰጠን መጠን ነገ ሊነሳን ይችላል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም ላቃልለው አልፈልግም። በድሬና በሐረር ወርቅ ኢንቨስትመንት ብቻ አይደለም። መህር ነው፣ የእናት ውርስ ነው፣ ለሴት ልጅ የክፉ ቀን መያዣ ነው። በጀጎል የድሮ አንጥረኞች የማርትሬዛ ብር እያቀለጡ ጌጥ የሠሩት ዝም ብለው አልነበረም። ሰዉ ወረቀት ሲከዳው ብረቱን ይይዝ ነበር። ለኒካህ የሚሰጥ ወርቅ ዋጋው ቢወርድም ሥራውን ሠርቷል። የእኔ ስጋት የዕለት እንጀራውን የሚጋግርበትን ምጣድ ሸጦ የሚገዛው ላይ ነው። ባጃጁ በየቀኑ ያስገባል፣ አምባሩ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል።

ከዚያ ላይ የእጅ ዋጋ አለ። 18 ካራት ከመቶ 75 እጁ ብቻ ወርቅ ነው፣ ሌላው መዳብና ብር ነው። ስትገዛ የአንጥረኛውን ድካምና የሱቁን ትርፍ ትከፍላለህ። ስትሸጥ የሚመዘንልህ ግን ወርቁ ብቻ ነው፣ ድንጋይ ካለውም ተነቅሎ።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ስነግረው አልከራከርም አለ። «እስቲ ባለ ወርቅ ቤቱን አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ» አልኩት፣ «ዛሬ የገዛሁትን ነገ ብመልሰው በስንት ትገዛዋለህ በለው።» ትናንት መጋላ ሄዶ ጠየቀ። ባለ ሱቁ ሐቀኛ ሰው ነው፣ ሳይደብቅ ነገረው። አንድ ግራም 18 ካራት አምባር መሸጫው 16,500፣ መግዣው 13,800 ብር። ለ15 ግራም 247,500 ብር ከፍሎ በማግስቱ 207,000 ይዞ ይመለሳል። ገንዘቡን ለመመለስ ብቻ ወርቅ 20 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት።

ማታ ከበራችን ላይ ሲያልፍ ባጃጁን እየነዳ ነበር። ቆም አለና «ለልጄ ቀለበት ብቻ ገዛሁ፣ ሁለት ግራም» አለኝ። ከኋላ ሁለት ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ከዚራ ቀጠለ።