ለሰብሊ፦ እንኳን ተወለድሽ! ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰብሊዬ፣

እንኳን ተወለድሽ! እንኳንም ለእኛ ተወለድሽልን!

ይህን ደብዳቤ ሳጥኑ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያደረግሁት ቀድመሽ እንድታነቢው ብዬ ነው። ማታ ሰው ሲሰበሰብ አላነበውም። ቡናሽን አፍልተሽ፣ በረንዳው ላይ ከጤና አዳምሽና ከበሶብላሽ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ብቻሽን አንብቢው።

ሰኔ 30 መወለድሽ ሁሌም ደስ ይለኛል። በልጅነታችን ሰኔ 30 ለሁላችንም ካርድ የምንቀበልበት ቀን ነበር። ስንተኛ ወጣህ፣ ስንተኛ ወጣሽ የሚባልበት። ዓመቱን ሙሉ የተቋጠረ ቂም ሁሉ የሚወራረድበትም ቀን ነው። «ሰኔ 30 ጠብቂኝ!» ያልተባለ ልጅ የለም። አንቺ ግን ካርድሽን ከዝናቡ በደብተር ሸፍነሽ ወደ ቤት ስትሮጪ፣ አሰላ ውስጥ አንድ ትኩስ ድፎ ዳቦ ይጠብቅሽ ነበር። አንድ ዓመት ደረጃሽ ወርዶ እያለቀስሽ ገባሽ። አባትሽ ዳቦውን ቆርሰው «ይኼ ለደረጃሽ አይደለም፣ ስለተወለድሽ ነው» አሉሽ። ይህን የነገርሽኝ ሐዋሳ፣ ዶርም ውስጥ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት ነው። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም።

ዛሬ የምጽፍልሽም በአባትሽ መንፈስ ነው። 30 ዓመት ስለሞላሽ ማንም ካርድ አይሰጥሽም። ዳቦው ስለተወለድሽ ነው።

እናትሽ የአራስነታቸውን ነገር ሲያወሩ ደግሞ እንዴት እንደምወድ ታውቂያለሽ። በ21ኛ ቀንሽ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1988፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶን ስትሮጥ ጎረቤቱ ሁሉ እናንተ ቤት ተሰብስቦ ነበር። የአርሲ ልጅ፣ ከአፍሪካ ሴቶች በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ! እልልታው ሲቀልጥ አንቺ እንቅልፍሽ ላይ ነበርሽ። ሴትዮዎቹ ገንፎውን ትተው ሲጨፍሩ፣ አንዷ ጎረቤት በእቅፏ ይዛሽ ጨፈረች። እናትሽ እስከ ዛሬ «እሷ እልልታ እየሰማች ነው ያደገችው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስትስቂ ይታወቃል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ነበረ።

አምና በልደትሽ ዕለት፣ ኬኩ ተቆርሶ ሁሉም ሲመርቅ፣ እኔም ተነስቼ መረቅሁሽ። በመጨረሻ ላይ ግን «ለከርሞ ደግሞ ሁለት ሆናችሁ ያገናኘን» አልኩ። ሁሉም አጨበጨበ። አንቺም ፈገግ አልሽ። ከዚያ ሲኒዎቹን ሰብስበሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። ስድስት ሲኒ ለማጠብ ያን ያህል ጊዜ አይወስድም፣ ሰብሊ። በሩ ጋ ቆሜ ጀርባሽን አየሁት። አንዱን ሲኒ ደጋግመሽ ታጥቢው ነበር። መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም።

በክፋት እንዳልነበረ ታውቂያለሽ። ቢሆንም አንቺን ልመርቅ ተነስቼ፣ ያለሽን ሁሉ ትቼ፣ የሌለ ሰው መረቅሁ። ዓመቱን ሙሉ የሠራሽውን፣ የሆንሽውን ሁሉ እንዳላየ አለፍኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ። ዘንድሮ ምርቃቴን እንደገና ልጀምረው። ግን መጀመሪያ ያየሁትን ልናገር።

ፊዚክስ ስታስተምሪ አይቼሻለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ቁልፍ ልሰጥሽ መጥቼ፣ ክፍሉ መስኮት ጋ ቆሜ ነበር። ቤተ ሙከራው ዕቃ አልነበረውም። አንቺ ከሱቅ ሲባጎ፣ ከጋራዥ ብሎን ለምነሽ አምጥተሽ ፔንዱለም ሠራሽ። ሲባጎውን ልክ አንድ ሜትር አደረግሽው። ልጆቹ በስልክሽ ሰዓት እየያዙ 20 ጊዜ ሲመላለስ ቆጠሩ። 40 ሰከንድ አካባቢ መጣ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ እያሰሉ የመሬትን ስበት አገኙት። ከኋላ የተቀመጠው፣ «እሱ አይገባውም» የሚባለው ልጅ፣ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ በገመድ ብቻ?» አለሽ። «አዎ፣ በገመድ ብቻ» አልሽው። ያን ቀን የልጁን ፊት ያየ ሰው አንቺ ምን እንደምትሠሪ ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። እኔ ቢሮ ተመልሼ ሥራ መሥራት አቅቶኝ ነበር፣ ደስ ብሎኝ።

አባትሽ የታመሙበትን ዓመትም አየሁ። በየሳምንቱ ዓርብ፣ ከክፍል እንደወጣሽ፣ የተማሪ ፈተና በቦርሳሽ ይዘሽ ወደ አሰላ። 175 ኪሎ ሜትር ሄደሽ፣ እሑድ ማታ 175 ኪሎ ሜትር ትመለሻለሽ። ሚኒባስ ውስጥ ፈተና ስታርሚ ቀይ እስክሪብቶው በመንገዱ መንገጫገጭ ተንሸራቶ ወረቀቱን ቢያበላሸው፣ ሰኞ ጠዋት ልጁን ይቅርታ ጠይቀሽዋል። አንድም ቀን «ደከመኝ» ብለሽ አልደወልሽልኝም። ብትደውዪ ደስ ይለኝ ነበር። ለሚቀጥሉት ዓመታት ይህን ብቻ ለምኜሻለሁ፦ ሲደክምሽ ደውዪ። ሌሊትም ቢሆን።

ዛሬ አባትሽ በር ላይ ቁጭ ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ተመስገን። ከእግዜር በታች ያንቺም እጅ አለበት።

እቁቡንም አልረሳሁም። ዕጣሽ ወጥቶ ሳለ፣ ልጇ ሆስፒታል ለገባባት ባልደረባሽ ተራሽን ሰጠሽ። ያን ጊዜ ፍራሽሽ መሬት ላይ ነበር። ሌላ ስድስት ወር መሬት ላይ ተኛሽ። አልጋው ሲገዛ አራታችን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ ስናወጣው፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተሰንቅሮ እየሳቅን ቁጭ አልን። ያ ቤት ባለ አንድ ክፍል ነው፣ ውሃም በተራ ነው የሚመጣው፣ ጀሪካኖችሽም እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ግን እኔ በሕይወቴ እዚያ ቤት እንደገባሁ የሚሰማኝን ዓይነት ሰላም ብዙ ቦታ አላገኘሁም። የሞላ ቤት ነው። ከፍቶኝ በመጣሁባቸው ቀናት ሁሉ ምንም ሳትጠይቂ ምስር ወጥ ታሞቂልኛለሽ። መጀመሪያ እንጀራ፣ ከዚያ ወሬ። ይህ ያንቺ ሕግ ነው።

እንግዲህ ምርቃቴ ይኸውልሽ። ተቀበይኝ፣ አሜን በይ።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ።

መውጫ መግቢያሽን ይባርክልሽ። የሄድሽበት መንገድ ይቅናሽ፣ እግርሽን እንቅፋት አይምታው።

እጅሽ የነካው ይለምልም፤ በረንዳሽ ላይ ያለው በሶብላም፣ ክፍልሽ ውስጥ ያሉት ልጆችም።

እናትና አባትሽን ያቆይልሽ። ዓርብ የምትሄጂበት መንገድ ከዚህ በኋላ የደስታ ብቻ ይሁን።

የጀመርሽውን ማስተርስ ያስጨርስሽ። ስለ ፀሐይ ኃይል የምትጽፊው ጽሑፍ እንዳሰብሽው ይውጣልሽ፤ ሌሊቱ ይብቃሽ፣ ኢንተርኔቱም አይቆራረጥብሽ።

ደመወዝሽ ይበርክት። «አንድ ቀን» የምትያትን የመጻሕፍት መደርደሪያ ሠርተሽ ያሳይሽ።

እንቅልፍሽ ጣፋጭ ይሁን። ብቻሽን ስትሆኚ ሰላም ይስጥሽ፣ ሰው ሲሞላብሽ ደግሞ ሳቅ።

የሚወዱሽ ሰዎች ያንቺን ደስታ አንቺ በምትፈልጊው መልክ ይመኙልሽ። ልብሽ የፈለገውን፣ በፈለገው ጊዜ ያድርግልሽ። ምን እንደሆነ አንቺና ፈጣሪሽ ታውቃላችሁ፤ እኔ አሜን ለማለት ነው ያለሁት።

አሜን አልሽ?

ስለ ማታው ደግሞ። 12 ሰዓት ላይ እንመጣለን፣ ስድስት ነን። አንቺ ምንም እንዳታበስዪ። ድፎ ዳቦውን እናትሽ ትናንት በአሰላ ሚኒባስ ልከውታል፣ እኔ ቤት በኮባ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። ስልክ ደውለው «ሳይደርቅ አድርሺላት» ብለው ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል። ዶሮውን እኔ ሠርቻለሁ። ቡናውን ማን እንደሚያፈላ ገና አልተስማማንም፣ ግን አንቺ አይደለሽም። ሲኒዎቹንም አንቺ አታጥቢም። ለሚመጡት ሁሉ አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ፦ ዘንድሮ ምርቃት ስለ ሰብሊ ብቻ ነው። ሁሉም እሺ ብለዋል። አንዷ እንዲያውም «እኔም አምና በጣም ነው የቆጨኝ» አለችኝ። ስለዚህ ተረጋግተሽ ቁጭ በይ፣ ዛሬ የምትመልሺው ጥያቄ የለም።

አሁን ወረቀቱን አንሺና ከሥር እይ።

የተራራ ጫማ ነው። ጭላሎን ከቤታችሁ በር እያየሽ አደግሽ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጫፉን ረግጬው አላውቅም ብለሽ ስትቆጪ ስንት ጊዜ ሰማሁሽ። ክረምቱ ይውጣና በጥቅምት እንሄዳለን። ሁለታችን፣ ከመንገድ መሪ ጋር። ፈቃዴን ከወዲሁ ጠይቄያለሁ። አባትሽም ሰምተዋል፤ «ጫፉ ላይ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ» ብለዋል። አሥር ዓመት ያስቆጠረችው የእኔ ትንፋሽ ማጠር ስለምታስቸግረን፣ ከነሐሴ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እየወጣን እንለማመዳለን።

ቁጥሩ 38 ነው። በወፍራም ካልሲ ለኪው። ከጠበበሽ ደረሰኙ በግራው ጫማ ውስጥ አለ፣ እስከ ቅዳሜ ይቀይሩልናል።

የምትወድሽ፣
የዶርም ጓደኛሽ