የኢአርፒ አቅራቢዎች ማወዳደሪያ የነጥብ ቅጽ

ለገምጋሚ ኮሚቴ አባላት

ይህ ቅጽ ለፋብሪካችንና ለሦስቱ መጋዘኖቻችን የሚሆን ኢአርፒ የምንመርጥበት ነው። ክብደቶቹ የተቆረጡት አንድም የዋጋ ሰነድ ሳይከፈት ነው። ከተከፈተ በኋላ ማንም አይነካቸውም። ዋጋ ካዩ በኋላ ክብደት መቀየር ማለት አሸናፊውን መርጦ ምክንያት መፈለግ ነው።

መጀመሪያ ማጣሪያው

ይህ ክፍል ነጥብ የለውም፤ አለ ወይም የለም ብቻ ነው። ሲስተሙ 120 ሰው በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል? ሦስቱን መጋዘን ለየብቻ ይይዛል? ማን ምን እንደቀየረ ይመዘግባል? ውሉ ሲያበቃ ዳታችንን ሙሉ በሙሉ አውጥተን መውሰድ እንችላለን? አንዱን ያላሟላ እዚህ ላይ ይቀራል። አቅራቢ መ የቀረው በመጨረሻው ጥያቄ ነው። በሌላው ሁሉ ጎበዝ ነበር፤ ግን የራሳችንን ዳታ ማስረከቡን በውል ለመጻፍ ፈቃደኛ አልሆነም።

ነጥብ አሰጣጥ፣ ከ0 እስከ 5

5 ምንም ሳይነካካ በዴሞው ላይ ሲሠራ አይተናል።
4 ሴቲንግ በማስተካከል ብቻ ሲሠራ አይተናል።
3 በከፊል ይሠራል፤ የቀረውን በአሠራር ልንሸፍነው እንችላለን።
2 ለእኛ ብቻ ተብሎ ኮድ መጻፍ አለበት።
1 «በሚቀጥለው ቨርዥን ይመጣል» ተብሏል።
0 የለም።

ይህ መለኪያ ለሥራ ፍላጎትና ለቴክኒክ ነው። ለትግበራ ቡድንና ለድጋፍ ደግሞ 5 የሚሰጠው በሰነድም፣ ሲስተሙን ከሚጠቀሙ ደንበኞች በስልክ ባገኘነው መልስም ለተረጋገጠ ነገር ነው። ሰነድ ብቻ ካለ ከ3 አይበልጥም፤ የቃል ተስፋ ብቻ ከሆነ ከ1 አይበልጥም።

ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ይጻፋል። ምክንያት የሌለው ነጥብ አይቆጠርም። «ጥሩ ነው» ምክንያት አይደለም።

የዴሞው ፈተና

ሁሉም አቅራቢ የሚያሳየው እኛ የሰጠነውን ሥራ ነው፤ የራሱን የተዘጋጀ ትርኢት አይደለም። ዋናው ይኸው ነው፦ 500 ካርቶን አዘናል። የደረሰው 480 ነው። ከዚያ ውስጥ 12ቱ ተጎድተዋል። የዕቃ አቅራቢው ኢንቮይስ ግን የ500 ነው። መጋዘን ሠራተኛው ምን ይመዘግባል? ሲስተሙ ትዕዛዙን፣ መረከቢያ ሰነዱንና ኢንቮይሱን አመሳክሮ ክፍያውን ያቆማል? የተጎዱት 12 ካርቶኖች ለሽያጭ ዝግጁ ከሆነው ክምችት ይለያሉ? ሒሳብ መዝገቡ ላይ ምን ይታያል? ይህችን አንድ ርክክብ በደንብ የያዘ ሲስተም ግዥን፣ መጋዘንንና ፋይናንስን ማገናኘቱን በተግባር አሳየን ማለት ነው።

ማን፣ እንዴት

ገምጋሚዎቹ ሰባት ናቸው፦ ከፋይናንስ ሁለት፣ ከመጋዘን ሁለት፣ ከግዥ፣ ከምርትና ከአይቲ አንድ አንድ። እያንዳንዱ ዴሞው ባለቀበት ቀን ለብቻው ሞልቶ ለጸሐፊው ያስረክባል። ከዚያ በፊት መመካከር የለም፤ አለቃ ከተናገረ ሌላው ነጥቡን ያስተካክላልና። በአንድ መስፈርት ላይ የሁለት ሰዎች ነጥብ በ2 ወይም ከዚያ በላይ ከተራራቀ ሁለቱም ያዩትን ይናገራሉ። ነጥባቸውን እንዲቀይሩ ግን አይገደዱም።

ይህ በአቅራቢ ሐ ላይ ጠቅሞናል። ለትግበራ ቡድኑ አንዱ 5፣ ሌላው 2 ሰጡ። ባለ 5ቱ የመዘነው ዴሞውን ያቀረቡትን ሰዎች ነበር። ባለ 2ቱ ደግሞ ሥራውን በትክክል የሚሠሩትን ኮንሳልታንቶች ዝርዝር አንብቦ ነበር። ሰዎቹ አንድ አይደሉም! የሚመዘነው የሚሠራው ቡድን ነው።

ዋጋ

የሚወዳደረው የ5 ዓመት ጠቅላላ ወጪ ነው፦ ላይሰንስ፣ ትግበራ፣ ዳታ ማዛወር፣ ሥልጠና፣ ሰርቨር ወይም ክላውድ፣ ዓመታዊ ድጋፍ። የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ ብቻውን አይታይም።

የዋጋ ነጥብ = ዝቅተኛው ወጪ ÷ የአቅራቢው ወጪ × 20

ዝቅተኛው 100 ሲባል፣ ሀ 125፣ ለ 100፣ ሐ 160 ናቸው። የሌሎቹ መስፈርቶች ነጥብ የሰባቱ አማካይ ለ5 ተካፍሎ በክብደቱ ይባዛል።

ውጤት

| መስፈርት | ክብደት | ሀ | ለ | ሐ |
|---|---|---|---|---|
| የሥራ ፍላጎት | 35 | 29.4 | 21.0 | 30.8 |
| የትግበራ ቡድን | 20 | 12.0 | 16.0 | 14.0 |
| ቴክኒክና ደህንነት | 15 | 12.0 | 9.6 | 13.5 |
| ድጋፍ | 10 | 8.0 | 7.0 | 8.0 |
| ዋጋ | 20 | 16.0 | 20.0 | 12.5 |
| ድምር | 100 | 77.4 | 73.6 | 78.8 |

ክብደት ስንቆርጥ የተስማማንበት ሌላ ደንብም አለ፦ ከ3 ነጥብ ያነሰ ልዩነት እኩል እንደመውጣት ይቆጠራል። የሐ ብልጫ 1.4 ብቻ ነው። ለሙከራ ያህል ከሥራ ፍላጎት ክብደት 5ቱን ወደ ዋጋ ብናዛውር ሐ 77.5፣ ሀ 77.2 ይሆናሉ። ስለዚህ ሐ አሸንፏል ብለን አንፈርምም። ሀ እና ሐ በራሳችን ዳታ ሁለተኛ ዴሞ ያቀርባሉ፤ የሚያቀርቡትም ሥራውን የሚሠሩት ኮንሳልታንቶች ራሳቸው ናቸው። ለ ውሳኔው እስኪታወቅ በተጠባባቂነት ይቆያል፤ ነጥቡም ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል።